ወታደሩ g7 ደርሶ ለምን አልነገሠም?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት ቼስ ስንጫወት ነበር። የሐይቁ ንፋስ ተነሥቶ ስለነበር ሰሌዳውን በእጄ ይዤ ነው የተመለከትኩት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ወጣት በነጭ እየተጫወተ ነበር። ወታደሩ g7፣ ንጉሡ g8፣ ሩኩ f1 ላይ ነበሩ። የጥቁሩ ንጉሥ e7፣ ሩኩ ደግሞ h2 ላይ። ተራው የነጭ ነው። ይህ ያለቀለት ድል ነው። ልጁ ግን እኩል ወጣ። «ጋሼ፣ አንዲት እርምጃ ቀርታኝ እንዴት እኩል ይሆናል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲህ የሚቸገሩ ብዙ ናቸው።

ምልክቱ ይሄ ነው። ንጉሥህ ወታደሩ ፊት ተጠልሎ ተቀምጧል፤ ግን መውጫ የለውም። በወጣ ቁጥር ሩኩ ከኋላ ቼክ ይለዋል። ልጁ በ e1 ቼክ ብሎ የጥቁሩን ንጉሥ ወደ d7 አባረረው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲያው ንጉሡን f7 አወጣው። ጥቁር በ f2 ቼክ አለው፣ g6 ሄደ፤ በ g2 ቼክ፣ f6 ሄደ፤ በ f2 ቼክ፣ g5 ወረደ፤ እንደገና በ g2 ቼክ። እዚህ ጋ ነው የተጣበቀው። ወደ h6 ቢመለስ ቼኩ ይቀጥላል። ወደ f5 ቢወጣ ወታደሩን ብቻውን ይተወዋል። f5 ሄደ፣ ጥቁሩ ሩክ g7 ላይ ወታደሩን በላው።

መንስኤው ንጉሡ አይደለም፣ ሩኩ ነው። የነጭ ሩክ e1 ላይ ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ መሃል ገብቶ ቼኩን መከለል አይችልም። ንጉሥህ g5 ሲደርስ ከታች የሚሸፍነው ነገር ያስፈልገዋል። ያንን መሸፈኛ ነው ድልድይ የምንለው። አንዳንዶች ድልድዩን የሚሠራው ተከላካዩ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ የሚሠራው አጥቂው ነው። ተከላካዩ እንዳይሠራ ነው የሚታገለው። አቀማመጡ በቼስ ዓለም ሉሴና ይባላል።

መፍትሄው አንዲት እርምጃ ናት፦ ንጉሡን ከማውጣትህ በፊት ሩኩን አራተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠው።

```
1. Re1+ Kd7
2. Re4  Rh1
3. Kf7  Rf1+
4. Kg6  Rg1+
5. Kf6  Rf1+
6. Kg5  Rg1+
7. Rg4
```

ሰባተኛዋን እርምጃ ቀስ ብለህ እያት። ንጉሡ g5 ላይ፣ ሩኩ g4 ላይ፣ ቼኩ ተዘጋ። ጥቁር ሩኩን ቢበላ ንጉሥህ መልሶ ይበላዋል፤ ጥቁሩ ንጉሥም ሩቅ ስለሆነ ወታደሩን አይደርስበትም። ባይበላም ወታደሩ በሚቀጥለው እርምጃ ንግሥት ይሆናል። በመጀመሪያው ቼክ ጥቁር ወደ f6 ከሄደ ደግሞ ድልድይም አያስፈልግም፤ ንጉሥህን f8 አድርገው፣ መንገዱ ክፍት ነው።

ለምን አራተኛው ረድፍ? ልጁም ይህንኑ ጠየቀኝ፤ እኔም እስኪገባው ድረስ ሰሌዳው ላይ እየደጋገምኩ አሳየሁት። ሩኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢሆን g3 ላይ ነበር የሚሸፍነው። ያ እንዲሠራ ንጉሡ g4 መድረስ አለበት። ግን g5 ላይ ቼክ ሲባል በዚያው መስመር ወደ g4 መውረድ አይችልም፤ አሁንም ቼክ ውስጥ ነው። ከመስመሩ ከወጣ ደግሞ ወታደሩ ይበላል። አምስተኛው ረድፍ ላይ e5 ብትሄድ ደግሞ የጥቁሩ ንጉሥ ወደ d6 ወጥቶ ሩክህን ይነካል፤ ጊዜ ታጣለህ። አራተኛው ላይ ግን ከጥቁሩ ንጉሥ በቂ ርቀት አለው፣ ለ g5 ደግሞ ልክ አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

አንድ ነገር አስቀድመህ አረጋግጥ፦ ወታደሩ የጠርዝ ወታደር ነው? a ወይም h ላይ ከሆነ ይህ ድልድይ አይሠራም። ንጉሥህ የተጠለለው ከግድግዳ ሥር ነው፤ መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ውጤቱን የሚወስነው የጥቁሩ ንጉሥ ከወታደሩ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ከ b እስከ g ባሉት መስመሮች ግን ያው ዘዴ ይሠራል፤ ጎኑን ብቻ ትቀይራለህ።

ለጥቁሩ ወገንም አንድ ነገር ልበል። ችግርህ የጀመረው g7 ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። ንጉሥህ ወታደሩ የሚነግሥበትን ቤት እስከያዘ ድረስ ሩክህን በስድስተኛው ረድፍ አቁመህ የነጩን ንጉሥ ማለፊያ ከልክለው። ወታደሩ ራሱ ስድስተኛው ላይ ሲረግጥ፣ የነጩ ንጉሥ መጠለያ አጣ ማለት ነው፤ ያኔ ሩክህን እስከ አንደኛው ረድፍ ውሰድና ከኋላ ቼክ በለው። እኩል ትወጣለህ።

ልጁ ሰሌዳውን እንደገና አዘጋጀ። ሁለተኛውን እርምጃ ሲደርስ ሩኩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና e4 ላይ አስቀመጠው።