በአንድ ስም የሚሠሩ የተለያዩ ባለቤቶች ሱቆች፦ ምኑን መቆለፍ፣ ምኑን መልቀቅ

ቦሌ የከፈቱት ማኪያቶ ቤት ስም አወጣ እንበል። አንዱ አዳማ፣ አንዷ ሐዋሳ፣ ሌላው ድሬዳዋ ላይ በዚያው ስም ልክፈት ብለው መጡ። ገንዘቡም ኪራዩም የእነሱ ነው፤ ስሙና አሠራሩ የእርስዎ ነው፤ እነሱም ከሽያጫቸው በመቶኛ ይከፍላሉ። ፍራንቻይዝ ማለት ይኸው ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚሁ ክፍያ ነው። እርስዎ የሚያገኙት ከሽያጩ ነው፣ የሱቁ ባለቤት የሚያድረው ግን በትርፉ ነው። ቡናውን ቢያሳሳ ወይም ርካሽ ወተት ቢገዛ የተረፈው ለእሱ ብቻ ነው፤ የስሙ መበላሸት ግን ለሁላችሁም ይደርሳል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሒሳቡ ወደዚያ ይገፋዋል። ደንብ ሲጽፉ ይህን ግፊት እያሰቡ ይጻፉ።

1. እያንዳንዱን ነገር በሁለት ጥያቄ ይለዩ

ደንበኛው የሚያየውን፣ የሚቀምሰውንና የሚከፍለውን ሁሉ በዝርዝር ያስፍሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ቢበላሽ ጉዳቱ ሌሎቹ ሱቆች ጋ ይደርሳል ወይ? ደግሞስ ስለዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ የአካባቢው ባለቤት ያውቃል ወይ?

አዳማ ላይ መራራ ማኪያቶ የጠጣ መንገደኛ ሐዋሳ ሲደርስ ያንኑ ስም አይቶ ያልፋል። ስለዚህ የቡናው ጣዕም፣ ንጽሕናው፣ ስሙና አርማው ይቆለፋሉ። የሥራ ሰዓት ግን ሌላ ነው። ድሬዳዋ በቀትር ሙቀት ከተማው ያርፋል፣ በረመዳን ደግሞ ገበያው የሚደምቀው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ነው። ይህን ቦሌ ተቀምጦ መወሰን ሞኝነት ነው፤ ለባለቤቱ ይተዉለት። ሠራተኛ መቅጠርም እንደዚያው።

አስቸጋሪዎቹ ለሁለቱም ጥያቄ «አዎ» የሚያሰኙት ናቸው፦ አዲስ ምግብ መጨመር፣ ዋጋ፣ የአካባቢ ማስታወቂያ። እነዚህ «አስፈቅዶ» የሚባለው ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ዋጋን በተመለከተ ኪራዩ በየከተማው ስለሚለያይ አንድ ዋጋ መጫን ባለቤቱን ይጎዳል። ከፍተኛ ጣሪያ ማስቀመጥ የተሻለ ይሆናል፣ ግን የንግድ ውድድር ሕግ ስለሚነካው ውሉን ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

ብዙ ጊዜ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። የወንበሩ ቀለም በጥብቅ ይቆለፋል፣ ስለ ወተቱ ግን አንድ መስመር አይጻፍም። ወንበር በዓይን ስለሚታይ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ደንበኛ የሚሸሸው ግን በወተቱ ነው።

2. የተቆለፈውን በሚለካ ቃል ይጻፉ

«ጥሩ ማኪያቶ» ብሎ መጻፍ ለክርክር በር ይከፍታል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ 18 ግራም የተፈጨ ቡና በሚዛን ይመዘን፤ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 36 ግራም ይውረድ፤ ለሁለት ስኒ ይከፈል፤ ወተቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይሙቅ። ቁጥሮቹ የእርስዎን ቡና ተከትለው ሊለወጡ ይችላሉ፤ ዋናው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ለክተው አንድ መልስ ማግኘታቸው ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሸጥም ይጻፍ። ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን መላ ይፈጥራል።

3. ቁጥጥሩን ከአቅርቦቱ ጋር ያያይዙ

የተቆላውን ቡና በታሸገ ከረጢት ከማዕከል ብቻ እንዲገዙ ያድርጉ። ያኔ ሱቁ ሳይሄዱም ብዙ ነገር ያውቃሉ።

አዳማ በአንድ ወር 40 ኪሎ ገዝቶ 6,000 ስኒ ሸጥኩ አለ እንበል። ለአንድ ስኒ 9 ግራም ከሆነ አንድ ኪሎ 111 ስኒ ገደማ ይወጣዋል፤ 40 ኪሎ ምንም ሳይባክን ወደ 4,440 ይሆናል። መፍጫው ሲስተካከል የሚደፋው ሲቀነስ ደግሞ ከ4,200 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ወይ ከውጭ ቡና ገብቷል፣ ወይ ስኒው 9 ሳይሆን 7 ግራም እንኳ አልሞላም። የትኛው እንደሆነ ሱቁ ሄዶ አንዱን ዙር በመመዘን ይታወቃል።

ያው ሒሳብ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። 60 ኪሎ ገዝቶ 4,500 ስኒ ብቻ ሸጥኩ ካለ፣ ቡናው ትክክል ሆኖ ሽያጩ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። እርግጥ የባሪስታው እጅ ያልሰለጠነም ከሆነ ብክነት ይበዛል፤ ከመክሰስ በፊት ያንን ማጣራት ተገቢ ነው።

አቅርቦቱን ግን የትርፍ ማጋበሻ አያድርጉት። ከገበያ በጣም ካስወደዱት ባለቤቱ ከውጭ እንዲገዛ ራስዎ ገፉት ማለት ነው።

4. «አስፈቅዶ» የሚለውን በር ክፍት ያድርጉት

ጥያቄው በጽሑፍ ይግባ፤ መልሱም በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ15 ቀን፣ ይሰጥ። ከተፈቀደ በአንድ ሱቅ ለሁለት ወር ይሞከር። የተሳካ አዲስ ምግብ የስሙ ሁሉ እንደሚሆንና ፈጣሪው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ በውሉ ላይ ይስፈር።

ይህ በር ስላለው ጥቅም በፍራንቻይዝ ከሚሠራው የአሜሪካ በርገር ቤት ከማክዶናልድስ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ሉ ግሮን የተባለ ባለቤት በሲንሲናቲ የከፈተው ሱቅ ደንበኞቹ አብዛኞቹ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ገበያው ይሞትበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የዓሣ ሳንድዊች አቀረበ። የድርጅቱ አለቃ ሬይ ክሮክ ደግሞ በሥጋ ፈንታ አናናስ ያለበት የራሱ ሐሳብ ነበረው። ሁለቱም ለገበያ ቀረቡና ዓሣው አሸነፈ፤ በ1965 በመላ አሜሪካ ይሸጥ ጀመር። ቢግ ማክ የተባለው የድርጅቱ ታዋቂ በርገርም የመጣው ጂም ዴሊጋቲ ከተባለ የፔንሲልቬንያ ባለቤት በ1967 ነው።

ግሮን ስለ ሰፈሩ ያወቀውን ማዕከሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሆኖም ዓሣውን ዝም ብሎ አልሸጠም፤ አስፈቅዶ፣ ተሞክሮ፣ ከዚያ በኋላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። በዐቢይ ጾም የወተት ማኪያቶው ቀዝቅዞበት በአኩሪ አተር ወተት ልሥራ የሚል የሐዋሳ ባለቤት ቢመጣም መንገዱ ያው ነው። በራሱ ከጀመረው ግን በየሱቁ የተለያየ የጾም ማኪያቶ ይኖራል፤ በወተት ማሞቂያው በኩል የላም ወተት የነካው ጾም ነው ተብሎ ቢሸጥ ደግሞ ሰው በቀላሉ የሚረሳው ነገር አይሆንም።

5. ጉብኝቱን እንደ አደጋው መጠን ያከፋፍሉ

ሁሉንም ሱቅ እኩል መጎብኘት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ጊዜ ያባክናል። የሰፈር ሱቅ በራሱ ደንበኛ ይቀጣል፤ ማኪያቶው ከተበላሸ ያው ሰው ነገ አይመጣም። በአውቶቡስ መናኸሪያ ወይም በአውራ ጎዳና ዳር ያለው ግን ደንበኛው ዛሬ ጠጥቶ የሚያልፍ ስለሆነ ማሳሳቱ ወዲያው አይጎዳውም። እንዲህ ያለውን ደጋግመው ሳያሳውቁ ይጎብኙት፤ ከተቻለም በራስዎ ገንዘብ ከፍተው በራስዎ ሠራተኛ ያሠሩት።

መጎብኛ ቅጹን ባለቤቱ አስቀድሞ ይየው። ጥፋት ሲገኝ በደረጃ ይሂዱ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ማስተካከያ ጊዜ፣ ዳግም ጉብኝት፣ ቅጣት፣ በመጨረሻ ውል ማቋረጥ። የምግብ ደህንነት ጉድለት ግን ደረጃ አይጠብቅም፤ እስኪስተካከል ሽያጩ ይቁም። ጥፋትን እያዩ ማለፍም ዋጋ አለው። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ስሙን አከራይቶ ጥራቱን የማይቆጣጠር ባለቤት የንግድ ምልክት መብቱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

6. ከመፈረም በፊት መለያየቱንም ይጻፉ

ምልክቱን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሳያስመዘግቡ ለማንም አይስጡ። ውሉ ሲያበቃ ታፔላው በስንት ቀን እንደሚወርድና የታተመው ስኒ ምን እንደሚሆን ይወሰን። የየሱቁ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ፣ በጉግል ካርታ ላይ ያለው መገኛም ከመጀመሪያው ቀን በእርስዎ ስም ይከፈት፤ ባለቤቱ መለጠፍ እንጂ መሰረዝ ወይም ስም መቀየር እንዳይችል አድርገው ይስጡት።