ባለአንድ ክፍል ቤትና የጤፍ ከረጢት

ጎንደር ሳለሁ እናቴ ከቅዳሜ ገበያ ጤፉን በብዛት ሸምታ ጎታ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ወፍጮ ቤት የምትልከኝ ግን ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ አስይዛ ነበር። ሁሉንም አንዴ አስፈጭተን ለምን አንገላገልም እያልሁ አጉረመርም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከሀገር ወጥቼ፣ ከአልጋዬ ሥር ያስቀመጥሁት ዱቄት ሲበላሽብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህል ፍሬ በውስጡ ጥቂት ዘይት አለው፤ ዘይቱም ያለው በአብዛኛው ከፍሬው ጽንስ ላይ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ሲቀመጥ ዘይቱ ታሽጎ ስለሚቆይ፣ እህሉ ደረቅ እስከሆነና ነቀዝ እስካልገባበት ድረስ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ሲፈጭ ግን ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኝና ቀስ በቀስ ይበላሻል። ነጭ ፉርኖ ዱቄት ጽንሱና ፉርሽካው ስለተለየለት ብዙ ይቆያል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከነጽንሱና ከነፉርሽካው ይፈጫል፤ ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ስትገዙ ሁልጊዜም ያልተጣራ ዱቄት እየገዛችሁ ነው። ዳጉሳ ቀላቅሎ መጋገር የለመደ የሀገሬ ሰውም ይህንኑ ያስብ።

እኔ የገዛሁት 25 ፓውንድ የሚመዝን ከረጢት ነበር፤ 11 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በቦታ ሲለካ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ይይዛል። ቁም ሣጥኑም ማቀዝቀዣውም አልበቃው ስላለ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። ወቅቱ በጋ ነበር፤ ክፍሉም ይሞቃል። የምጋግረው በየአሥር ቀኑ አንድ ኪሎ ያህል ስለነበር ከረጢቱን ለመጨረስ ወደ አራት ወር ይፈጅብኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ላይ እንጀራው ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት አመጣ። መጀመሪያ በእርሾው አሳበብሁ፤ ሊጡንም ደፍቼ አዲስ አቦካሁ። ምሬቱ ግን አልለቀቀም፤ ማቡካት ይህን አያድነውምና።

ጥፋቱ ከዱቄቱ መሆኑን ያወቅሁት አንድ እፍኝ በሞቀ ውኃ በጥብጬ ሳሸተው ነው፤ የቆየ ኑግ ዘይት ሸተተኝ። ደህና ጤፍ በሞቀ ውኃ ሲበጠበጥ የእህል ሽታ ብቻ ነው ያለው። ዱቄቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተያያዘ ክር ካያችሁ ደግሞ የእሳት ራት ትል ገብቶበታልና በአጠገቡ ያለውንም ዱቄትና እህል ሁሉ ፈትሹ።

ሒሳቡን እንየው። ዋጋ እንደየከተማው ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ትልቁ ከረጢት 55 ዶላር፣ ባለአንድ ኪሎው 7 ዶላር ይሁን። ትልቁ በኪሎ 5 ዶላር ይመጣልና ርካሽ ይመስላል። እኔ ግን ሳይበላሽ የበላሁት 6 ኪሎ ብቻ ስለሆነ አንዱ ኪሎ ከ9 ዶላር በላይ ወጣብኝ። በዚህ ዋጋ ትልቁ የሚያዋጣው ቢያንስ 8 ኪሎውን በደህና ለሚጨርስ ሰው ነው።

ስለዚህ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት በሁለት ወር ስንት ኪሎ እንደምትጨርሱ ቁጠሩ። ዱቄቱ የሚቀመጠው ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሆነ ከዚያ በላይ አትግዙ። ቤቱ የሚሞቅ ከሆነ አንድ ወር ብትሉ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ከማሞቂያው አጠገብ ያለ ቁም ሣጥንም እንደ ሞቃት ቦታ ይቆጠራል። በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ችግሩ እንጀራውም እዚያው መቀመጡ ነው! የእኔ በረዶ ቤት ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ከያዘ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለ3 ኪሎ ዱቄት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አነስተኛውን ጥቅል እገዛለሁ፤ አላፍርበትምም።

ትልቁን የምገዛው ሦስት ቤተሰብ ሆነን ስንካፈል ነው። ከረጢቱ በተከፈተበት ቀን እንመዝነዋለን፤ ነገ እናካፍላለን ከተባለ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት መክረሙ አይቀርም። ሁሉም ድርሻውን አንድ ጊዜ በሚያቦካው ልክ ከፋፍሎ፣ አየሩን አስወጥቶ በፕላስቲክ ያሽጋል። ቢያንስ አራት ቀን በረዶ ቤት ከቆየ የነፍሳት እንቁላል ካለበትም ይሞታል። ሲወጣ ታሽጎ እንዳለ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፤ ቀዝቃዛው ከረጢት ቶሎ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ያጓጉለዋል፤ ኋላም ሻጋታ ያመጣል። እኔ ማታ አውጥቼ አሳድረዋለሁ፤ የማቦካው ጠዋት ነው።