«ደፋር ነኝ» ስንል ውስጣችን ለምን ይስቃል?

የአክስቴ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተጠራች ሳምንት መስታወቷ ላይ ወረቀት ለጠፈች። «እኔ ደፋር ነኝ። ምንም አልፈራም። ሥራው የእኔ ነው።» ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ ጮክ ብላ ታነበዋለች። በአራተኛው ቀን ቀደደችው። «ባነበብኩት ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ‹ውሸታም!› የሚለኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

እሷ እንዳሰበችው ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ቃሉ ነው ያልሆነው። አፈርሜሽን፣ ማለትም ሰው ለራሱ ደጋግሞ የሚነግረው አዎንታዊ ቃል፣ ጭንቀት ላለበት ሰው ሲመረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ሦስቱ እዚያች ወረቀት ላይ ነበሩ። አራተኛውን በኋላ ጨመረችበት።

ስህተት 1፦ ከምናምነው እጅግ የራቀ ቃል መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ዉድ የተባለች በካናዳ የምትሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አሳተመች። ተሳታፊዎቹ የሚያስቡትንና የሚሰማቸውን ለአራት ደቂቃ ይጽፋሉ። ከፊሎቹ ደወል በሰሙ ቁጥር «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ። ቀድሞውኑ ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ሰዎች ትንሽ ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ግን ቃሉን ካላሉት መሰሎቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ጥናቱ የለካው ለራስ የሚሰጥን ግምት እንጂ ጭንቀትን አይደለም። ነገሩ ግን ለሚጨነቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ትልቅ ነገር ስንናገር ውስጣችን «እስቲ ማስረጃ!» ይላል። ሙግት ይነሳል። በዚህ ሙግት ደግሞ ጭንቀት ምስክር አያጣም፤ ያሳፈረንን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ታዲያ ቃሉ መራቁን በምን እናውቃለን? ከአክስቴ ልጅ ጋር ያደረግነው እንዲህ ነው። ወረቀት ለሁለት አጠፍን። በግራ በኩል ቃሉን ጻፈች። ድምፅ አውጥታ ካለችው በኋላ ውስጧ የመለሰላትን በቀኝ በኩል ሳትሸፋፍን ጻፈች። ከዚያ «ይህን ምን ያህል አምነዋለሁ?» ብላ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ሰጠችው።

«ደፋር ነኝ።» ነጥቡ 15። መልሱ፦ «ባለፈው ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ድፍረትሽ የት ነበር?»

«ደፋር እየሆንኩ ነው።» ነጥቡ 35። መልሱ፦ «ከመቼ ጀምሮ?» ብዙ ሰው «ነኝ»ን በ«እየሆንኩ ነው» ለውጡት ብሎ ይመክራል። አንዳንዴ ይሠራል። እሷ ላይ ግን ያው ዕዳ በየወሩ ክፈይ እንደተባለ ሆነባት።

ሦስተኛውን ስንጽፍ የቀኝ በኩሉን መልስ ተጠቀምንበት። ውስጧ የሚነዘንዛት በድምፇ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ እሱን ራሱን ቃሉ ውስጥ አስገባነው። «ባለፈው ቃለ መጠይቅ ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ ግን እስከ መጨረሻው መልሻለሁ።» ነጥቡ 95። በቀኝ በኩል የሚጻፍ ጠፋ። ምን ይበል? ሆኗላ!

እኔ ከ70 በታች የሆነውን ቃል አልይዝም። ይህ ቁጥር የእኔ ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም። 100 ማግኘት ብቻውንም አይበቃም። «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብንል ማንም አይከራከረንም፤ ግን ከፍርሃታችን ጋር አይገናኝም። ቃሉ የሚያሳምመውን ቦታ መንካት አለበት።

ስህተት 2፦ ፍርሃቱን መካድ

«ምንም አልፈራም» ስትል ልቧ ድው ድው ይላል፣ መዳፏ በላብ ይርሳል። ገላዋ ራሱ ይመሰክርባታል። ከዚያ ሁለት ጭንቀት ይሆናል፦ አንዱ የቃለ መጠይቁ፣ ሌላው «ለምን አልተረጋጋሁም?» የሚለው።

አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ሥራ፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። የእሷ ማብራሪያ፣ ጉጉትም ጭንቀትም የነቃ ገላ ስሜቶች ናቸው የሚል ነው። ከጭንቀት ወደ ጉጉት መሻገር ወደ እርጋታ ከመውረድ ይቀላል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳትና ሞከረችው። «ጓጉቻለሁ» 30 አገኘ፤ እየሳቀች ነው የጻፈችው። በጥናት የሠራ ቃልም ቢሆን በየራሳችን ወረቀት ላይ መፈተን አለበት።

እሷን ያስኬዳት ይሄ ነበር፦ «ልቤ ይመታል። እየመታም ቢሆን የሠራሁትን መናገር እችላለሁ።» ነጥቡ 80።

በነገራችን ላይ «አይዞሽ» የሚለው ቃላችን ይህን ስህተት አይሠራም። ላልፈራ ሰው ማን አይዞህ ይላል? ቃሉ ፍርሃቱን አይቶ ነው የሚመጣው። «አይዞኝ» ማለት አፍ ላይ ካልመጣ፣ እንደ ታላቅ እህት ሆኖ ለራስ «አይዞሽ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ» ማለት ይቻላል።

ስህተት 3፦ በእጃችን የሌለውን ቃል መግባት

«ሥራው የእኔ ነው» የሚለው በጠያቂዎቹ እጅ ያለ ነገር ነው። ውስጧም ያውቃል፤ «ሌሎቹስ አመልካቾች?» ይላል። ስለ ውጤት የሚናገረውን አውጥታ ስለምታደርገው ነገር የሚናገር አስገባች፦ «ጥያቄው ካልገባኝ እንዲደግሙልኝ እጠይቃለሁ።» 85። እናቶቻችን የነገን ነገር ሲያነሱ «እሱ ካለ» የሚሉት ለዚህም ይመስለኛል። ውጤቱን ለባለቤቱ ይተዉታል፤ ጓዳቸውን ግን ያዘጋጃሉ።

ስህተት 4፦ ቃሉን እንደ ማስታገሻ መዋጥ

ቃሏ ከተስተካከለ በኋላ፣ በዋዜማው ማታ ደወለችልኝ። «አልሠራም!» አለች። ስንት ጊዜ እንዳለችው ጠየቅኳት። መቁጠር አቁማለች። አንድ ጊዜ ትልና «አሁንስ ተረጋጋሁ?» ብላ ራሷን ትፈትሻለች። ካልሆነ ትደግማለች። ችግሩ ያ ፍተሻ ነው። በፈተሸች ቁጥር ጭንቀቱን ጠርታ ታስገባዋለች።

ቃሉ ስሜትን የማጥፋት ሥራ የለበትም። ሥራው ሙግቱን ቀንሶ ወደሚቀጥለው ነገር ማሳለፍ ነው። አንዴ ወይም ሁለቴ ቀስ ብሎ ማለት፣ ከዚያ ተነስቶ አንድ ነገር መሥራት። እሷ ሰነዶቿን ፋይል ውስጥ አስገብታ ተኛች። እንቅልፍ ቶሎ መጣ አላለችኝም።

አንድ ነገር ግን ይለያል። ቃሉን ካልደገምኩ ክፉ ነገር ይደርሳል የሚል ስሜት ካለ፣ ወይም ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ ካስተወ፣ ጉዳዩ ቃል ከመምረጥ ያለፈ ነው። የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መደጋገም ራሱ የችግሩ አካል ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ማሳመር አያድነውም።

በማግስቱ ከሦስት ጠያቂዎች ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያው መልሷ ላይ ድምፇ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ጥያቄ አልገባትም፤ እንዲደግሙላት ጠየቀች፤ ደገሙላት። ስትመለስ የታጠፈችውን ወረቀት አወጣችና በግራ በኩል ጨመረች፦ «እንዲደግሙልኝ ጠይቄ ደግመውልኛል።» ጎኑ 100 ጻፈች። ስለ ሥራው ገና አልደወሉላትም።