«ሽቶ የለውም» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ

ሽቶ ቆዳችሁን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ቅባቱ ፊት ለፊት «ፍራግራንስ ፍሪ» ቢልም ገልበጥ አድርጋችሁ የይዘቱን ዝርዝር አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ አባባል በሕግ የተቀመጠ ፍቺ የለም። «አንሴንትድ»፣ ማለትም «ሽታ የለውም»፣ የሚለውማ ይባስ፤ የጥሬ ዕቃውን ሽታ ለመሸፈን ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል።

ዝርዝሩ ላይ «ፓርፉም» ባይኖርም የላቬንደር ወይም የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ካለ፣ ለቆዳችሁ ያው ሽቶ ነው። ተፈጥሯዊ መሆኑ አያድናችሁም። ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሎል የሚባል ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አየር ሲያገኘው ይለወጣል፤ አለርጂ በመቀስቀስ የሚብሰው ደግሞ ይሄ የተለወጠው ነው። ስለዚህ ተከፍቶ ወራት የቆየ ቅባት፣ አዲስ ሳለ ተስማምቷችሁ የነበረው እንኳ፣ ሊያሳክካችሁ ይችላል።

አዲስ ቅባት ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት የክንዳችሁን የውስጥ መታጠፊያ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ቀቡት። አለርጂው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ስለሚወጣ የአንድ ሌሊት ሙከራ አይበቃም። ቦታው ከቀላና ካሳከከ ቅባቱን ተዉት፤ ዝርዝሩን ግን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይጠይቃችኋል።