ቼክ ሲቀበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቼክ ተመለሰ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሒሳቡ ባዶ መሆኑን ነው። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቼኩ በአንድ ፊደል፣ በአንድ ዓመተ ምሕረት ወይም ባልተሟላ ፊርማ ምክንያት የሚመለስበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ስህተት ቼኩን የጻፈው ሰው ከፊትዎ ሳይነሳ ማስተካከል ቀላል ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰውየው ስልክ ባያነሳልዎት ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ቼክ ሲሰጥዎት የሚታዩትን ነገሮች አንድ በአንድ እንመልከት።

አሃዙን ብቻ አይቶ ቼኩን ኪስ ውስጥ መክተት

ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በአሃዝ በተጻፈው ላይ ነው። ሳጥን ውስጥ ጎልቶ ስለሚታይ እሱን አይተን እንረካለን። በፊደል የተጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነው። ክብደት ያለው ግን በፊደል የተጻፈው ነው።

እንዲህ እናስብ። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ የ70,500 ብር ቆርቆሮና ብረት ሸጠ። ገዢው ቼክ ቆርጦ ሰጠው። በአሃዙ ቦታ 70,500.00 ይላል። በፊደሉ ቦታ ደግሞ «ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር» ይላል። ጸሐፊው «ሰባ» ሊል ፈልጎ «ት» ጨመረበት። አንድ ፊደል ናት፤ ልዩነቷ ግን 63,000 ብር ነው።

በንግድ ሕጋችን መሠረት በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው ሲለያይ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። ይህ ማለት ቼኩ እንደ ቼክ የ7,500 ብር ቼክ ነው። መስኮቱ ጋ ሲቀርብ ደግሞ ባንኮች ብዙውን ጊዜ የትኛውንም መርጠው አይከፍሉም። «በአሃዝና በፊደል የተጻፈው አይመሳሰልም» ብለው ይመልሱታል። ገዢው በሽያጩ ምክንያት ያለበት የ70,500 ብር ዕዳ በዚህ አይጠፋም። ነጋዴው ደረሰኙና ውሉ ካለው ሊጠይቅበት ይችላል። ግን በቼክ በአንድ ቀን የሚያልቀው ነገር የክርክር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

በአማርኛ ቁጥር ስንጽፍ እንዲህ የሚያሳስቱ ጥንዶች አሉ። «ሰባ» እና «ሰባት» አንዱ ጥንድ ናቸው። «ዘጠና» እና «ዘጠኝ» ደግሞ የሚለዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። በጥድፊያ የተጻፈ «ና» እና «ኝ» ሊመሳሰል ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ቼክ ከተሰጠዎት በፊደል የተጻፈውን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ቼኩን የጻፈው ሰውም ይስማው። በዓይን ያለፈው ስህተት በጆሮ ይያዛል።

«መቶ ሺህ» ተብሎ የተጻፈን ቼክ ዝም ብሎ መቀበል

ስንነጋገር «መቶ ሺህ ብር» እንላለን፤ «አንድ» የሚለውን አንጨምርም። ቼክ ላይ ግን ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ከ«መቶ» በፊት ክፍት ቦታ ካለ፣ «ሦስት» ወይም «አምስት» የሚል ቃል እዚያ ላይ ማስገባት ለሚፈልግ ሰው በር ተከፈተለት ማለት ነው። አሃዙም በተመሳሳይ ቀለም ከ1 ወደ 4 ወይም ወደ 7 በቀላሉ ይለወጣል።

«ይህ የሰጪው ችግር ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። ግን ቼኩ ከእጅዎ ወጥቶ ሌላ ሰው ጋ ቢደርስና ቢነካካ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ «አንድ መቶ ሺህ ብር» ተብሎ ከመስመሩ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከመጨረሻው ቃል በኋላ «ብቻ» ወይም «ከ00/100» ይባል፤ የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ በመስመር ይዘጋ። በአሃዙም በኩል ከመጀመሪያው ቁጥር በፊት ቦታ እንዳይቀር ያድርጉ። ሳንቲሙ ይጻፍ፤ ነጠላ ሰረዙና ነጥቡ ቦታቸውን ይያዙ። 85,000.00 ብሎ መጻፍ ከ85000 የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አለመጠየቅ

ይህኛው የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ነው። ሁለት ዘመን አቆጣጠር እየተጠቀምን ቼክ ላይ 10/06/2017 ብለን እንጽፋለን። ይህን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው የካቲት 10 ቀን 2017 ነው ይላል። በፈረንጆቹ ያነበበው ደግሞ ሰኔ ወር 2017 ነው ይላል፤ ዓመታት ያለፉበት ቼክ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው 10/06/2025 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ቢነበብ ገና ያልደረሰ ዓመት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ። «የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.» የሚል ቼክ ማንም አያምታታውም። በፈረንጅ ከሆነም «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት ወይም ወሩ በስሙ ይጻፍ። በተለይ ጳጉሜ ላይ የተቆረጠ ቼክ በቁጥር ሲጻፍ 13 ይሆናል። ከፈረንጅ ወራት ጋር የማይገጥም ቁጥር ስለሆነ ግራ ያጋባል።

የዓመት መባቻ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መስከረም ላይ ብዙ ሰው እጁ ገና አልለመደም። አዲሱ ዓመት 2018 ሆኖ እያለ «መስከረም 3 ቀን 2017» ብሎ ይጽፋል። እርስዎም አይተው አያስተውሉትም፤ ምክንያቱም የእርስዎም ዓይን አሮጌውን ዓመት የለመደ ነው። ባንክ ሲደርስ ግን ቼኩ አንድ ዓመት ያለፈው ሆኖ ይታያል። በመስከረምና በጥቅምት የሚቀበሉትን ቼክ ዓመተ ምሕረት ሁለት ጊዜ ይዩት።

ለምን ይህን ያህል ስለ ቀን እናወራለን? የቼክ ዕድሜ የሚቆጠረው ከእሱ ስለሆነ ነው። ቼክን የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ሌሎች ክፍሎችን ሲተካ የቼኩን ክፍል አልነካውም። በዚያ ሕግ ቼክ ለክፍያ መቅረብ ያለበት በ6 ወር ውስጥ ነው። የካቲት 10 የተቆረጠ ቼክ ነሐሴ 10 ላይ ጊዜው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ይዘው ቢሄዱ ባንኩ እንደማይከፍልዎት አስበው ይነሱ። እስከ መጨረሻው ሳምንት መጠበቅም አይመከርም። ቼኩ በሌላ ምክንያት ቢመለስ፣ አስተካክለው እንደገና ለማቅረብ ጊዜ ሊያጥርዎት ይችላል።

ወደ ፊት የተጻፈ ቀንን እንደ ዋስትና ማመን

ንግድ ውስጥ በጣም የተለመደ ነገር ነው። «ሦስት ወር ታገሰኝ» ይባልና ቀኑ ሦስት ወር ወደ ፊት ተጽፎ ቼክ ይሰጣል። ሁለቱም ወገን ይህን እንደ ውል ያዩታል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም በቀረበበት ቀን እንዲከፈል ሕጉ ይላል። ይህ ሰጪውን ይመለከታል፤ «ቀኑ ስላልደረሰ አይነካም» ብሎ ሒሳቡን ባዶ ቢተው ራሱን አደጋ ላይ ጥሏል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነውና።

ተቀባዩ ደግሞ ባንኩ «ቀኑ አልደረሰም» ብሎ ሊመልስበት እንደሚችል ያስብ። አሠራሩ ከባንክ ባንክ ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ቅርንጫፉን መጠየቅ ይሻላል። ክፍያው የሚደርስበት ጊዜ ጉዳይ ከሆነ፣ እሱ በውል ወረቀት ላይ ይጻፍ እንጂ በቼክ ቀን ላይ አይንጠልጠል።

ፊርማው ስላለ ብቻ ትክክል ነው ማለት

ፊርማውን ማመሳከር የባንኩ ሥራ ነው፤ ናሙናው ያለው እዚያ ነው። እርስዎ ናሙናውን ማየት አይችሉም። ግን ማረጋገጥ የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

ቼኩ የድርጅት ከሆነ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሰው ነው የሚፈርመው?» የሚለው ነው። ብዙ ማኅበራት ሒሳባቸውን የሚያንቀሳቅሱት በጣምራ ፊርማ ነው። ሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሹሙ አብረው መፈረም ሲኖርባቸው አንዱ ብቻ ፈርሞ ከሰጠዎት ቼኩ ይመለሳል። ሒሳቡ ሲከፈት ማኅተም አብሮ እንዲያርፍ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያለ ማኅተሙ ፊርማው ብቻውን አይበቃም። ሰጪውን በቀጥታ ይጠይቁት፤ አያፍሩ። ሐቀኛ ነጋዴ ይህ ጥያቄ አያስከፋውም።

ሌላው ችግር የፈራሚ ለውጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ተቀይሮ፣ ስሙ ባንክ ውስጥ ሳይስተካከል አዲሱ ሰው ፈርሞ ይሰጣል። ፊርማውም ስሙም እውነተኛ ነው፤ ባንኩ ዘንድ ግን አይታወቅም። ድርጅቱ አዲስ ኃላፊ እንደሾመ ካወቁ ይህን ማንሳት ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ፊርማው ከፊትዎ ሲፈረም ማየት ነው። ቀድሞ ተፈርሞ የመጣ ቼክ ላይ ስምና መጠን ብቻ ሲሞላ ካዩ፣ የፈረመው ሰው ስለ ክፍያው ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሰጪውን ይዘው ሒሳቡ ወዳለበት ቅርንጫፍ መሄድ ወይም ሲፒኦ እንዲያሠራልዎት መጠየቅ አለ። ሲፒኦ ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ቀንሶ የሚያዘጋጀው ስለሆነ የስንቅና የፊርማ ጥያቄ ይቀርልዎታል። እሱም ቢሆን ሐሰተኛ ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል፣ ያወጣውን ባንክ ጠይቆ ማረጋገጥ አይቅር።

ስርዝ ድልዝን «ፈርሜበታለሁ» ተብሎ መቀበል

ሰጪው ተሳስቶ ይሰርዝና አጠገቡ ይፈርማል። አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባንኩ አይቀበለውም። በተለይ መጠኑ፣ ቀኑ ወይም የተቀባዩ ስም ከተነካካ ሌላ ቅጠል ይቆረጥልኝ ይበሉ። በቼኩ ግርጌ ቁጥሮች የታተሙበትን ነጭ ክፍልም ይመልከቱ። እሱን የሚያነበው ማሽን ነው፤ ፊርማ ወይም ማኅተም ካረፈበት ላያነበው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቼኩ ቢመለስ፣ የተመለሰበት ምክንያት የተጻፈበትን ወረቀት ከባንኩ ይቀበሉ። «በቂ ስንቅ የለውም» የሚለውና «ፊርማው አይመሳሰልም» የሚለው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ የወንጀሉ ጉዳይ በዋናነት ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው። ምክንያቱ የቀን ወይም የፊደል ስህተት ከሆነ ሰጪው በአዲስ ቼክ ይተካልዎታል። አሮጌውን ግን አዲሱን በእጅዎ ይዘው፣ ፊደሉን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንደገና አይተው ሳይጨርሱ አይመልሱለት።