አብሶሉት ቫልዩ ያለበትን ኢንተግራል እንዴት እንሠራለን? መጀመሪያ መቁረጥ፣ ከዚያ ማስላት

ተማሪ ሳለሁ ይህችን ጥያቄ በሁለት ደቂቃ ጨርሼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

```
∫₀⁴ |x² − 4x + 3| dx
```

መልሴ 4/3 ነበር። ትክክለኛው መልስ 4 ነው። የሠራሁት ስህተት ቀላል ነው፤ ሁለቱን ቋሚ መስመሮች እንደሌሉ ቆጥሬ ውስጡን ብቻ ኢንተግሬት አደረግኩ። የመጣው ቁጥር ፖዘቲቭ ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም።

ችግሩ ምን ነበር? አብሶሉት ቫልዩ አንድ ፎርሙላ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሁለት ፎርሙላ ነው። ውስጡ ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ ከሆነ እንዳለ ይወጣል። ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ በ−1 ተባዝቶ ይወጣል። ስለዚህ የቱ ፎርሙላ የት እንደሚሠራ ሳናውቅ አንቲዴሪቬቲቭ መፈለግ አንችልም። ከ0 እስከ 4 ያለውን ርቀት ፎርሙላው በሚቀየርባቸው ቦታዎች ላይ መቁረጥ አለብን።

የሚቆረጠው የት ነው?

ውስጡን ከዜሮ ጋር እኩል እናደርጋለን።

```
x² − 4x + 3 = (x − 1)(x − 3) = 0
x = 1,  x = 3
```

ሁለቱም ከ0 እስከ 4 ባለው ውስጥ ስለሚገኙ ሦስት ቁራጭ ይኖረናል፤ ከ0 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 4። ጥያቄው ከ0 እስከ 2 ቢሆን ኖሮ 3 አያገባንም ነበር፤ በ1 ላይ ብቻ እንቆርጣለን።

ምልክቱን መፈተሽ

ከየቁራጩ አንድ ቁጥር እንውሰድና ውስጡ ላይ እናስገባ። ለመጀመሪያው 0 ይሁን፤ 3 ይወጣል፣ ፖዘቲቭ ነው። ለመሃሉ 2 እናስገባ፤ 4 − 8 + 3 = −1፣ ኔጋቲቭ ነው። ለመጨረሻው 4፤ እንደገና 3።

ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል፤ «መሃሉ ሁሌም ኔጋቲቭ ነው» ብሎ ይሸመድዳል። አይደለም። ጥያቄው 4x − x² − 3 ቢሆን ምልክቶቹ ሁሉ ይገለበጡ ነበር። (x − 2)² ደግሞ 2 ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ግን ምልክቱን አይቀይርም፤ ነክቶ ይመለሳል። መፈተሹ የሚፈጀው ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ እባካችሁ አትሰስቱ።

አሁን ማስላት

ኔጋቲቭ በነበረው ቁራጭ ፊት የመቀነስ ምልክት እናደርጋለን። ቋሚ መስመሮቹም እዚህ ጋ ይጠፋሉ። አንቲዴሪቬቲቩ ለሦስቱም ያው ነው።

```
F(x) = x³/3 − 2x² + 3x
F(0) = 0,  F(1) = 4/3,  F(3) = 0,  F(4) = 4/3

ከ0 እስከ 1:   F(1) − F(0)  = 4/3
ከ1 እስከ 3: −(F(3) − F(1)) = 4/3
ከ3 እስከ 4:   F(4) − F(3)  = 4/3
ድምር: 4
```

ሦስቱም እኩል መሆናቸው የዚህ ጥያቄ አጋጣሚ ነው፤ የእኔን ስህተት ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እኔ የሠራሁት 4/3 − 4/3 + 4/3 ነበር። መሃለኛው ቁራጭ አንዱን ጎረቤቱን በላው። መጨረሻ ላይ በመልሱ ዙሪያ ቋሚ መስመር ማድረግም አያድንም፤ የተጣፋው አስቀድሞ ተጣፍቷል።

መልሱን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። የመሃሉ ጉብታ ወርዱ 2፣ ከፍታው 1 ነው። የሚሸፍነው ሬክታንግል ስፋቱ 2 ይሆናል። ስለዚህ የጉብታው ስፋት ከ2 ማነስ አለበት፤ 4/3ም ያንሳል።

ፎርሙላው ተቆራርጦ ሲሰጠን

ፒስዋይዝ ፈንክሽን በአንድ በኩል ይቀላል፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ጥያቄው ራሱ ይነግረናል። ይህን እንይ፤ የምንፈልገው ከ0 እስከ 3 ነው።

```
f(x) = 2x,     x < 1
f(x) = 5 − x,  x ≥ 1
```

እዚህ ግራፉ 1 ላይ ከ2 ወደ 4 ይዘላል። ዝላዩ ኢንተግራሉን አያበላሸውም። አንድ ነጥብ ወርድ ስለሌለው 1 ላይ ፈንክሽኑ 2 ተባለ 4 ተባለ ስፋቱ ላይ ለውጥ የለም።

```
∫₀¹ 2x dx      = 1
∫₁³ (5 − x) dx = 10 − 4 = 6
ድምር: 7
```

ተማሪዎች እዚህ ጋ የሚሠሩት ስህተት ሌላ ነው። 3ን በሁለተኛው አንቲዴሪቬቲቭ ላይ፣ 0ን በመጀመሪያው ላይ ያስገቡና ይቀንሳሉ። (5·3 − 9/2) − 0 = 10.5 ይመጣል። ስህተቱ ያለው መገናኛው ላይ ነው። በ1 ላይ የመጀመሪያው አንቲዴሪቬቲቭ 1 ሲሰጥ ሁለተኛው 4.5 ይሰጣል፤ ልዩነቱ 3.5 ነው። 10.5 ከ7 የሚበልጠውም በትክክል በዚያው 3.5 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለቱንም ጫፎቹን በራሱ ፎርሙላ ያስገባ። f(1) = 4 ቢሆንም የመጀመሪያው ቁራጭ 1 ላይ ሲደርስ የሚጠቀመው የ2xን ነው።

ዝላይ ሁሉ ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። 1/|x| ከ−1 እስከ 1 ቢሰጣችሁ 0 ላይ ቆርጣችሁ መገላገል አትችሉም። ግራፉ እዚያ ወደ ላይ ያለ ገደብ ይወጣል፤ ሁለቱም ቁራጮች ቁጥር አይወጣቸውም። ከመቁረጣችሁ በፊት ፈንክሽኑ በመቁረጫው አካባቢ የተገደበ መሆኑን ተመልከቱ።

ተደብቆ የሚመጣው

እኔ በጣም የምፈራው ቋሚ መስመሮቹ ጨርሶ የማይታዩበትን ጥያቄ ነው።

```
∫₀^π √(1 + cos 2x) dx
```

1 + cos 2x ማለት 2cos²x ነው። እጃችን በልማድ ስኩዌሩን ከስኩዌር ሩቱ ጋር ያጣፋና √2·cos x ይጽፋል። እሱን ከ0 እስከ π ኢንተግሬት ስናደርግ 0 ይመጣል። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስኩዌር ሩት ኔጋቲቭ አይሆንም፣ ግራፉም ከዜሮ በላይ ነው፤ ታዲያ ስፋቱ እንዴት 0 ይሆናል?

የካሬ ስኩዌር ሩት አብሶሉት ቫልዩ ነው። መጻፍ የነበረብን √2·|cos x| ነው። ኮሳይን π/2 ላይ ምልክቱን ስለሚቀይር እዚያ እንቆርጣለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኔጋቲቭ ነው።

```
√2 · ( ∫₀^(π/2) cos x dx − ∫_(π/2)^π cos x dx )
= √2 · ( 1 − (−1) )
= 2√2
```

ወደ 2.83 ገደማ ነው።