የኢሜይል ርዕስ ላይ ኢሞጂ ሲጨመር የሚሠሩ ስህተቶች

«ኢሞጂ ስፓም ውስጥ ይጥላል» እና «ኢሞጂ ኦፕን ሬት ያሳድጋል» የሚሉት ሁለት ምክሮች ጎን ለጎን ይዞራሉ። ኦፕን ሬት ማለት ኢሜይሉ ከደረሳቸው ሰዎች ውስጥ የከፈቱት በመቶኛ ነው። ተቃራኒ ቢመስሉም ብዙ ጊዜ የሚወለዱት ከአንድ ቦታ ነው፦ በትክክል ካልተሠራ ሙከራ።

በኦፕን ሬት ብቻ አሸናፊ መምረጥ

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው፤ ዛሬም ድረስ በየሪፖርቱ አለ። ኢሜይል «ተከፈተ» የሚባለው በውስጡ የተደበቀች ዓይን የማታያት ምስል ከሰርቨር ስትጠራ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር ባወጣው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ ግን፣ ጥበቃውን ባበሩ ሰዎች የአፕል ሜይል መተግበሪያ ላይ ምስሎቹን የአፕል ሰርቨሮች ቀድመው ይጠሯቸዋል። ሰውየው ኢሜይሉን ሳያየው ቢሰርዘውም እናንተ ዘንድ «ከፍቷል» ተብሎ ይመዘገባል።

በቁጥር እንየው። 2,000 አድራሻ አላችሁ እንበል፤ በዕጣ ለሁለት ከፍላችሁ ለአንዱ ሺህ «የመስከረም ሥልጠና ምዝገባ ተጀምሯል»፣ ለሌላው ሺህ ፊቱ ላይ 🌼 ጨምራችሁ ላካችሁ። በየቡድኑ 400 ሰው አፕል ሜይል ይጠቀማል፤ ለሒሳቡ እንዲቀል ሁሉም «ከፍተዋል» ተብለው ተቆጠሩ እንበል። ከቀሩት 600 ውስጥ ያለ አበባ 90፣ ከአበባው ጋር 108 ሰው ከፈተ። ሪፖርቱ 49 በመቶና 50.8 በመቶ ይላችኋል፤ አፕሎቹን ስታወጡ ደግሞ 15 በመቶና 18 በመቶ ይሆናል። የሦስት ነጥብ ልዩነት ወደ ሁለት ነጥብ የማይሞላ ሆኖ ተቀብሯል ማለት ነው።

ታዲያ ሦስቱ ነጥብ ራሱ ይታመናል ወይ? አይታመንም። በ600 ሰው የሚገኝ እንዲህ ያለ ልዩነት ወዲህም ወዲያም አራት ነጥብ ያህል ይወዛወዛል፤ አበባዋ በሰባት ነጥብ ጠቅማ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ነጥብ ጎድታም ሊሆን ይችላል። በ15 እና በ18 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት በአጥጋቢ እርግጠኝነት ለመለየት በየቡድኑ 2,400 ገደማ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም አፕሎቹ ሳይቆጠሩ። ዝርዝራችሁ ያን ያህል ካልሆነ አንድ ጊዜ ልካችሁ አትፍረዱ። ያንኑ ሙከራ በተከታታይ በአምስትና ስድስት መልእክት ድገሙት፤ በየጊዜው ሰዉን አዲስ ዕጣ አውጡበት፣ በአንድ ሰዓት ላኩ፣ ከኢሞጂው በቀር አንዲት ፊደል አትቀይሩ፣ ውጤቱን ደምሩ። ዋናው መለኪያ ደግሞ ክሊክና ምዝገባ ይሁን። ክሊኩ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ቢያንስ ሰው የሠራው ነው። (የድርጅት ኢሜይል ላይ የደኅንነት ሶፍትዌሮች ሊንኩን ቀድመው ይጫኑታል፤ በተላከበት ቅጽበት የተመዘገበ ክሊክ ካያችሁ አውጡት።)

የሌላ ሰው ውጤት መቅዳት

የተጠቃሚ ተሞክሮን የሚያጠናው የኒልሰን ኖርማን ግሩፕ ጥናት ኢሞጂ ያለበት ርዕስ አሉታዊ ስሜት እንደሚጨምርና የመክፈት ዕድልን ከፍ እንደማያደርግ አግኝቷል። ኢሜይል መላኪያ የሚሸጡ ድርጅቶች ደግሞ የጨመረበትን ምሳሌ ያሳያሉ። ሁለቱም የእናንተን ተቀባይ አያውቁትም።

ኢንኮዲንጉን ሳያዩ ኢሞጂውን መውቀስ

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ከስፓም ወሬው ይበልጣል። ኢንኮዲንግ ማለት ርዕሱ ለጉዞ ወደ ኮድ የሚለወጥበት መንገድ ነው፤ ርዕሱ በኢሜይል ውስጥ የሚጓዘው `=?UTF-8?B?...?=` በሚል ማሸጊያ ሲሆን፣ አንዱ ማሸጊያ በደንቡ ከ75 ፊደል ማለፍ የለበትም። መክፈቻና መዝጊያው ሲቀነስ፣ እያንዳንዱ 3 ባይት በ4 ፊደል ስለሚጻፍ፣ 45 ባይት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ ኢሞጂ አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ነው፤ ስለዚህ ከ15 ፊደል ያለፈ የአማርኛ ርዕስ ሁሉ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል። ደንቡ ሲከፈል ፊደል አይሰበር ይላል፤ ባይት እየቆጠረ በጭፍን የሚቆርጥ ፕሮግራም ግን ይሰብረዋል።

ያቺን ርዕስ እንቁጠራት። ያለ አበባ 45ኛው ባይት የሚያርፈው ከ«ምዝገባ» ቀጥሎ ባለው ክፍተት ላይ ነው፤ ጭፍኑም ፕሮግራም በአጋጣሚ በትክክል ይቆርጠዋል። አበባዋና አንድ ክፍተት ሲጨመሩ ሁሉም በ5 ባይት ይገፋል፤ መቁረጫው «ገ» መካከል ይገባና ተቀባዩ «ምዝ��ባ» ያነባል። ከዚያ ኢሞጂው ተሸነፈ ተብሎ ይጻፋል! የተሸነፈው ቆራጩ ነው።

ፒኤችፒ የሚጠቀሙ ሰዎች ከየቦታው የሚገለብጧት መስመር ደግሞ ጭራሽ አትከፍለውም፤ አንድ ረጅም ማሸጊያ ትሠራለች፦

```php
$s = '=?UTF-8?B?' . base64_encode($s) . '?=';
```

በዚህ ተኩት፦

```php
$s = mb_encode_mimeheader($s, 'UTF-8', 'B');
```

ጨርሶ ሳይታሸግ ጥሬውን መላክም አለ። ስፓምአሳሲን የሚባለው ማጣሪያ `SUBJ_ILLEGAL_CHARS` የሚል ሕግ አለው፤ ርዕሱ ውስጥ ጥሬ ባይት ሲበዛበት የስፓም ነጥብ ይጨምራል፣ ድምሩ 5 ሲሞላ በመደበኛው አሠራር ስፓም ይለዋል። ቅጣቱ የጥሬው ባይት ነው፤ ያለ ምንም ኢሞጂ የተጻፈ አማርኛም ይቀጣበታል። ለማረጋገጥ ወደ ጂሜይል ላኩና `Show original` ውስጥ `Subject:` የሚለውን መስመር እዩ፤ እዚያው ላይ የላኪውን እውነተኛነት የሚያጣሩት SPF፣ DKIM እና DMARC ሦስቱም `PASS` ማለታቸውን ሳታዩ አትውጡ።

ወደ ራስ ጂሜይል ልኮ «ኢንቦክስ ገባ» ማለት

የእናንተ አካውንት ከእናንተ ጋር ታሪክ አለው፤ ከፍቶላችኋል፣ መልሶላችኋል። ስለ እንግዳ ተቀባይ ምንም አይነግራችሁም።

በማስጠንቀቂያ ምልክት ማታለል

ጂሜይል በይበልጥ የሚፈርደው ላኪው ባተረፈው መልካም ወይም መጥፎ ስምና ተቀባዮች በሚያደርጉት ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል ለሚልኩ ሰዎች መስፈርቱ ግልጽ ነው፦ «ስፓም ነው» የሚለው ቅሬታ ከ0.1 በመቶ በታች ይሁን፣ 0.3 በፍጹም አይድረስ። ከሺህ ሰው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ቅናሽ ለመንገር 🚨 ወይም ⚠️ የምትለጥፉ ሰዎች እነዚያን ሦስት ሰዎች በእጃችሁ እየጠራችኋቸው ነው፤ ሰው ባንኩ የተዘረፈ መስሎት ከፍቶ የጫማ ማስታወቂያ ሲያገኝ የሚጫነው ቁልፍ ይታወቃል። በዚያ ቀን ኦፕን ሬቱ ከፍ ይላል፤ ችግሩ የሚታየው በሚቀጥሉት መልእክቶች ላይ ነው። ስለዚህ ሙከራችሁ ውስጥ የየቡድኑን ቅሬታና «ከዝርዝሩ አውጡኝ» ያለውን ሰው ቁጥርም ጻፉ። ጎግል ለላኪዎች ያዘጋጀው የ`Postmaster Tools` የቅሬታ መጠን ገጽ ቁጥሩን በዶሜን ደምሮ እንጂ በቡድን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ከመላኩ በፊትና በኋላ ያሉትን ቀናት አነጻጽሩ።

✅ ከላኪው ስም ጎን መለጠፍም ያው ነው። ጂሜይል ላረጋገጣቸው ላኪዎች የሚሰጠውን ሰማያዊ ምልክት ማስመሰል ይሆናል።

ጥቃቅኖቹ

ኢሞጂን በቃል ቦታ አትተኩ፤ አዲስ የወጣ ከሆነ የቆየ ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ይሆናል፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ደግሞ የምልክቱን ስም ነው የሚሰማው፤ ሦስት ጊዜ ከደረደራችሁት ሦስት ጊዜ። ❤️ ጥቁር ሆኖ ከታየ ከኋላው መኖር ያለበት የማይታይ `U+FE0F` ወድቋል ማለት ነው፤ ከስልኩ ኪቦርድ እንደገና አስገቡት።